ባለ 2፣ ባለ 2.5 ወይስ ባለ 3 ንብርብር? የዝናብ ጃኬት ጨርቅ ለይቶ የመምረጥ ዝርዝር መመሪያ

የዝናብ ጃኬት የሚገዛ ሰው የንብርብሩን ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ እንደ ደረጃ ያነበዋል። 3 ከ2 ስለሚበልጥ ባለ 3 ንብርብሩ ውሃን የበለጠ ይከላከላል፣ ባለ 2.5ቱ ደግሞ መሃል ላይ ነው ብሎ ያስባል። ሁለቱም ስሕተት ነው። በዚህ አነባበብ የተገዛ ጃኬት ወይ ትከሻው ላይ ቶሎ ይላጣል፣ ወይ ቦርሳ ውስጥ ቦታ ይፈጃል፣ ወይ ደግሞ በዓመት ጥቂት ቀን ለሚለበስ ነገር ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ከታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ይሂዱባቸው። ጃኬቱ እጅዎ ላይ ካለ ከደረጃ 1 እስከ 4 ያለው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

## ከመጀመርዎ በፊት፦ ቁጥሩ የሚቆጥረው ምንድን ነው?

ሦስቱም ዓይነቶች ሁለት ነገር ይጋራሉ። ውጩ ናይለን ወይም ፖሊስተር ጨርቅ ነው። ከሥሩ ውሃ የማያስገባ፣ የላብ እንፋሎት ግን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን አለ፤ ይህ ሜምብሬን ይባላል። አንዳንዱ ጃኬት ላይ በሙጫ የተጣበቀ ሉህ ነው፤ ርካሹ ላይ ደግሞ በቀጥታ ጨርቁ ላይ የተቀባ ፖሊዩሬቴን ነው። ዝናቡን የሚያስቆመው ይህ ሽፋን ነው፤ ልዩነቱ የሚጀምረው ከሽፋኑ በታች፣ በሰውነትዎ በኩል ነው።

ባለ 2 ንብርብር ጃኬት ላይ ከሜምብሬኑ ጋር ያልተጣበቀ፣ ለብቻው የተሰፋ ገበር አለ። ገበሩ ከሜምብሬኑ ጋር ስላልተጣበቀ አይቆጠርም። ባለ 2.5 ንብርብር ላይ ገበር የለም፤ በምትኩ ሜምብሬኑ ላይ ነጠብጣብ፣ መስመር ወይም ሌላ ስስ ንድፍ ታትሞበታል። ሙሉ ጨርቅ ስላልሆነ ግማሽ ተባለ። ባለ 3 ንብርብር ላይ ደግሞ በጣም ስስ የሹራብ አሠራር ያለው ጨርቅ ከሜምብሬኑ ጋር ተጣብቆ ሦስቱ እንደ አንድ ጨርቅ ይሆናሉ።

ስለዚህ ቁጥሩ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፦ ሜምብሬኑን ከውስጥ በኩል የሚጠብቀው ምንድን ነው? ባለ 2ቱን የተንጠለጠለ ገበር፣ ባለ 2.5ቱን ህትመት፣ ባለ 3ቱን የተጣበቀ ጨርቅ ይጠብቀዋል። ጥንካሬው፣ መጠኑም ሆነ ዋጋው በአብዛኛው ከዚህ መልስ ይወጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ 10,000 ወይም 20,000 ሚሊሜትር የሚለው የውሃ ግፊት ቁጥር የሜምብሬኑ መለኪያ እንጂ የንብርብሩ አይደለም። ባለ 2.5ም ባለ 3ም 20,000 ሊሆን ይችላል። የእንፋሎት ማሳለፍ ቁጥሮችን ደግሞ ከአንድ አምራች ወደ ሌላው አያወዳድሩ፤ የመለኪያው ዘዴ ብዙ ስለሆነ አንዱ ጨርቅ በአንዱ ዘዴ ያገኘውን ቁጥር በሌላው አያገኝም።

የሚያስፈልግዎ፦ ጥሩ ብርሃን፣ የኩሽና ሚዛን፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ የ1 ሊትር ጠርሙስ፣ ጥቂት የሽንት ቤት ወረቀት፣ እርሳስና ወረቀት።

## ደረጃ 1፦ ጃኬቱን ገልብጠው ይለዩ

1. ጃኬቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ይገልብጡ። እጅጌውንም ይገልብጡት፤ አንዳንድ ጃኬት ጀርባው ላይ ገበር ኖሮት እጅጌው ባዶ ይሆናል።
2. የጀርባውን ውስጠኛ ክፍል በሁለት ጣት ቆንጥጠው ያንሱ። ውስጡ ለብቻው ተነስቶ ውጩ ባለበት ከቀረ ባለ 2 ነው።
3. ሁሉም አብሮ ከተነሳ በጥፍርዎ ቀስ ብለው ውስጡን ይሂዱበት። እንደ ፕላስቲክ ለስላሳ ወይም ትንሽ ሻካራ ሆኖ የክር አሠራር ካልታየ ባለ 2.5 ነው። ጥቃቅን የሹራብ ቀለበቶች ወይም የተሸመነ ክር ከታየ ባለ 3 ነው።
4. የስፌት ቴፑን፣ ማለትም ስፌቶቹን ከውስጥ በኩል የሸፈነውን ጠባብ ቴፕ፣ ይመልከቱ። ባለ 3 ንብርብር ጃኬት ቴፕ ፊቱ ላይ ጨርቅ አለው፤ የባለ 2.5ቱ ለስላሳና አንጸባራቂ ነው።

ዋጋውንና ዓይነቱን በሽያጭ ገጽ ላይ እያዩ ከሆነ `2L`፣ `2.5L` እና `3L` ተብለው ይጻፋሉ። ምንም ካልተጻፈ የውስጡን ፎቶ ይፈልጉ፤ የውስጡን ፎቶ የማያሳይ ሻጭ ካለ ጠይቀው ያስልኩ።

ካልለየልዎ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንዳንድ ባለ 2.5 ላይ የታተመው ንድፍ ከሩቅ የተሸመነ ጨርቅ ስለሚመስል ነው። የስልክዎን መብራት ከጎን ዝቅ አድርገው ያብሩበት። ህትመት ከሆነ ንድፉ በየቦታው አንድ ዓይነት ሆኖ በመካከሉ ያለው ሜምብሬን ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል። ክር ከሆነ እያንዳንዱ ቀለበት የራሱን ጥላ ይጥላል።

## ደረጃ 2፦ የውጩን ጨርቅ ለብቻው ይገምግሙ

እሾህ፣ ድንጋይና የቦርሳ ማንገቻ የሚነኩት የውጩን ጨርቅ ነው። እዚህ ላይ የሚጠቅመው ቁጥር ዴኒየር ነው። ዴኒየር ማለት 9,000 ሜትር ርዝመት ያለው ክር ስንት ግራም እንደሚመዝን ነው። `40D` ተብሎ የተጻፈ ጨርቅ ክሩ በ9,000 ሜትር 40 ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ከፍ ሲል ክሩ ይወፍራል፤ ጨርቁም መፋተግን ይበልጥ ይችላል፤ ክብደቱና መጠኑም አብሮ ያድጋል።

በጥቅሉ እንዲህ ያንብቡት። ከ7 እስከ 20 ዴኒየር ለቀላል ጉዞና ቦርሳ ውስጥ ለሚቀመጥ ጃኬት ነው። ከ20 እስከ 40 ለተለመደ የእግር ጉዞ ይሆናል። ከ40 እስከ 80 እና ከዚያ በላይ ያለው ከባድ ቦርሳ፣ ዓለት ወይም የሥራ ቦታ ለሚያጋጥመው ሰው ነው። ቁጥሮቹን ሲያወዳድሩ ናይለንን ከናይለን ጋር ያድርጉ፤ ዴኒየራቸው እኩል ቢሆንም ናይለን ከፖሊስተር ይልቅ መፋተግን ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ባለ 3 መሆን ቀጭን ክርን አያጠነክርም። 10 ዴኒየር የሆነ ባለ 3 ንብርብር ጃኬት በቁጥቋጦ መሃል ሲሄዱበት 70 ዴኒየር ከሆነ ባለ 2 ቀድሞ ይቀደዳል። ከውጭ የሚመጣውን ጉዳት በዴኒየር፣ ከውስጥ የሚመጣውን በንብርብር ይለኩ። ሁለቱን ማቀላቀል የብዙ ገዢ ስሕተት ነው።

## ደረጃ 3፦ የት እና ለምን እንደሚያረጅ ይወቁ

ይህ የመመሪያው ዋና ክፍል ነው፤ ተረጋግተው ይለፉበት። ሦስቱ ዓይነቶች የሚሞቱት በሦስት የተለያየ መንገድ ነው። የእርስዎ አጠቃቀም የትኛውን ሞት እንደሚጠራ ካወቁ ምርጫው ግማሹ አለቀ።

### ባለ 2.5፦ ከውስጥ መላጥ

ሜምብሬኑ ቆዳዎን ወይም ሸሚዝዎን በቀጥታ ይነካል። የኮሌታው ኋላ፣ ትከሻው፣ የወገብ ጀርባና የእጅጌ ጫፍ ላይ የቆዳ ቅባት፣ ላብ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባትና የነፍሳት መከላከያ ይሰበሰባል፤ ላዩ ላይ የቦርሳ ማንገቻው ከውጭ ይጫነዋል፣ ሸሚዙ ከውስጥ ይፈጨዋል። መጀመሪያ የታተመው ንድፍ ይደበዝዛል፤ ቦታው እንደተወለወለ ያብረቀርቃል። ቀጥሎ ነጣ ያለ ስንጥቅ ይመጣል። በመጨረሻ ሽፋኑ እንደ ፎሮፎር እየረገፈ ሸሚዝዎ ላይ ይቀራል። ንድፉ መደብዘዝ ሲጀምር አዘውትሮ በማጠብ ዕድሜውን ማራዘም ይቻላል፤ መርገፍ ሲጀምር ግን የሚመልሰው ነገር የለም።

ሁለተኛው ጠላት እርጥበት ከሙቀት ጋር ነው። ፖሊዩሬቴን በእርጥበት ውስጥ ቀስ በቀስ ይፈርሳል፤ ሙቀት ሲጨመር ይፈጥናል። እርጥብ ጃኬት በቦርሳ ውስጥ ጠቅልሎ ለሳምንታት መተው ያለመልበስ እርጅና ነው። ምልክቱ ጣትዎ ላይ የሚጣበቅ ውስጥና የኮመጠጠ ሽታ ነው። ይህ ችግር በፖሊዩሬቴን የተቀባን ማንኛውንም ጃኬት ይመለከታል፤ ባለ 2.5 ላይ ይበልጥ የሚታየው ብዙዎቹ ከዚሁ ቅብ ስለሚሠሩና ከውስጥ የሚሸፍነው ስለሌለ ነው።

### ባለ 2፦ ተደብቆ የሚመጣ ጉዳት

ገበሩ ቅባትንና መፋተግን ስለሚቀበል ሜምብሬኑ ከሰውነት ይጠበቃል። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ድክመቱ ከገበሩ ጀርባ ሜምብሬኑ አሁንም ባዶ መሆኑ ነው። በኪስ ስፌት ወይም በታችኛው ጠርዝ የገባ አሸዋ በሁለቱ መካከል ቀርቶ እንቅስቃሴ ባለ ቁጥር ይፈጨዋል። እርስዎ ግን አያዩትም፤ ገበሩ ሸፍኖታል።

ገበሩ ሌላም ነገር ያደርጋል። የእጅጌው ጫፍ ወይም የታችኛው ጠርዝ ሲረጥብ ገበሩ ውሃውን እንደ ፋኖስ ክር ወደ ላይ ይስባል። ብዙ ሰው "ጃኬቴ ያፈሳል" የሚለው ይህን አይቶ ነው። ሜምብሬኑ ደህና ሆኖ ውስጡ እስከ ክንድ ድረስ ሊረጥብ ይችላል፤ አንዴ ከራሰ ደግሞ ከሦስቱ ሁሉ ቀስ ብሎ የሚደርቀው ይህ ነው።

### ባለ 3፦ መላቀቅና መነፋት

የተጣበቀው ጨርቅ መፋተጉን ይቀበላል፣ ላቡን ሰፋ አድርጎ ስለሚበትነው ቆዳ ላይ አይጣበቅም፣ አሸዋም የሚገባበት ክፍተት የለም። ስለዚህ ከባድ ቦርሳ ለሚሸከም ሰው ከሦስቱ የሚሻለው ይህ ነው። ደካማ ጎኑ ሙጫው ነው። ቅባት ሲጠራቀምና ጃኬቱ ሳይታጠብ ሲቆይ፣ ወይም በከፍተኛ ሙቀት ሲደርቅ፣ ንብርብሮቹ ይላቀቃሉ። ከውጭ ሲያዩት ጨርቁ እንደ አረፋ ይነፋል፤ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ኮሌታው፣ ኮፍያውና ትከሻው ላይ ነው።

ውድ ጃኬት ነው ብሎ እንዳይበላሽ ባለማጠብ የሚጠብቀው ሰው የሚያበላሸው በዚሁ ነው። ይህን አጥብቄ የምለው በባለ 3 ንብርብር ጃኬት ላይ የማየው በጣም የተለመደ ስሕተት ስለሆነ ነው።

### ያገለገለ ጃኬት ሲፈትሹ

እነዚህን አራት ቦታዎች በቅደም ተከተል ይዩ፦ የኮሌታው ውስጥ፣ የሁለቱ ትከሻ አናት፣ የወገብ ጀርባ፣ የኮፍያው ጠርዝ። ከዚያ እያንዳንዱን የስፌት ቴፕ ጫፍ በጥፍር ለማንሳት ይሞክሩ። ቴፑ በአንድ ቦታ ብቻ ከተነሳ ይጠገናል። በብዙ ቦታ በቀላሉ ከተነሳ ሙጫው ደርቋል፤ አይግዙት። ባለ 2 ከሆነ ከገበሩ ጀርባ እጅዎን አስገብተው ሜምብሬኑን ይዳስሱ፤ የሚጣበቅ ወይም የሚፈረፈር ከሆነ ውጩ ምንም ያህል አዲስ ቢመስል ይተዉት።

## ደረጃ 4፦ መጠኑን በእጅዎ ይለኩ

የሻጩ ፎቶ አያስተማምንም። እንዲህ ያድርጉ፦

1. ዚፖቹን ሁሉ ዘግተው ጃኬቱን ይመዝኑ።
2. እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ አጥፈው ከታች ወደ ላይ ይጠቅልሉት፤ ጥቅሉን ኮፍያው ውስጥ ያስገቡ።
3. ሳይጨፈልቁ ከ1 ሊትር ጠርሙስ ጎን አስቀምጠው ያወዳድሩ።
4. ቦርሳዎ ውስጥ በእርግጥ የሚገባበት ኪስ ውስጥ ያስገቡት። የሚወስነው ይህ ነው።

ለአዋቂ ሰው መካከለኛ ልክ የሆነ ባለ 2.5 ጃኬት በተለምዶ ከ150 እስከ 300 ግራም፣ ባለ 3 ከ250 እስከ 500፣ ባለ 2 ደግሞ ከ500 እስከ 800 ግራም ይመዝናል። የባለ 2ቱ ክብደት የሚመጣው ጨርቁ ጠንካራ ስለሆነ አይደለም፤ ገበሩ በተግባር ሁለተኛ ልብስ ስለሆነ ነው። የባለ 3ቱ ደግሞ ከክብደቱ ይልቅ ግትርነቱ ነው ቦታ የሚይዘው፤ ተጣብቀው አንድ የሆኑት ንብርብሮች ጠበቅ ብለው አይታጠፉም።

ከተሳሳተ፦ ባለ 3 ሆኖ ከባለ 2.5 ያነሰ ጥቅል ካገኙ ሚዛኑ አልተሳሳተም። የውጩ ክር በጣም ቀጭን ነው ማለት ነው፤ ወደ ደረጃ 2 ተመልሰው ዴኒየሩን ይዩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ጠቅልሎ መያዝ ለጉዞ እንጂ ለማከማቻ አይደለም። ቤት ሲደርሱ ፈትተው፣ አድርቀው ይስቀሉት። በአንድ እጥፋት ለወራት የቆየ ቅብ በዚያው መስመር ይሰነጠቃል።

## ደረጃ 5፦ ዋጋውን በቀን ያካፍሉ

የተለጠፈው ዋጋ ብቻውን ያሳስታል። ጃኬቱን በእርግጥ በዝናብ የሚለብሱበትን ቀን ይቁጠሩና ዋጋውን ያካፍሉ። ገንዘቡ በየአገሩ ስለሚለያይ እዚህ የባለ 2.5ቱን ዋጋ 100 ብለን ሌሎቹን ከእሱ አንጻር እናስቀምጥ። ባለ 2ቱ 120፣ ባለ 3ቱ 250 ይሁን። ቁጥሮቹ ለስሌቱ የተያዙ ናቸው፤ እርስዎ የእርስዎን ይተኩ።

### ምሳሌ 1፦ 12 ኪሎ ቦርሳ፣ በዓመት 30 የዝናብ ቀን

እዚህ ጃኬቱን የሚገድለው መፋተግ ነው። ማንገቻው በየቀኑ ትከሻውን ስለሚፈጭ ባለ 2.5ቱ 80 ቀን፣ ባለ 2ቱ 130 ቀን፣ ባለ 3ቱ 300 ቀን ይቆያል ብለን እንያዝ።

- ባለ 2.5፦ 100 ÷ 80 = 1.25 በቀን
- ባለ 2፦ 120 ÷ 130 = 0.92 በቀን
- ባለ 3፦ 250 ÷ 300 = 0.83 በቀን

በመግዣው ቀን ውድ የነበረው ባለ 3 በቀን ሲሰላ ርካሽ ሆነ። ባለ 2ቱ ብዙም አልራቀም። ነገር ግን በዝናብ ማግሥት ገና እርጥብ የሆነ 700 ግራም መሸከም ስላለ፣ ቀን በቀን ለሚጓዝ ሰው ልዩነቱ ከቁጥሩ በላይ ይሰማል።

### ምሳሌ 2፦ ቦርሳ ውስጥ የሚቀመጥ፣ በዓመት 10 የዝናብ ቀን

አሁን የሚገድለው መፋተግ ሳይሆን ጊዜ ነው። በዓመት 10 ቀን የሚለበስ ጃኬት ሳይፈጭ እንዲሁ ያረጃል። ባለ 2.5ቱ 6 ዓመት ማለትም 60 ቀን፣ ባለ 3ቱ 10 ዓመት ማለትም 100 ቀን ይቆያል ብንል፦

- ባለ 2.5፦ 100 ÷ 60 = 1.67 በቀን
- ባለ 3፦ 250 ÷ 100 = 2.50 በቀን

ውጤቱ ተገለበጠ። ለዚህ ሰው ባለ 3 መግዛት ሊጠቀምበት ለማይችለው ጥንካሬ መክፈል ነው። ዓመቱን ሙሉ ቦርሳው ውስጥ የሚሸከመው ክብደትም ለባለ 2.5ቱ ያደላል።

ስሌቱ ሲሳሳት፦ አብዛኛው ሰው የዝናብ ቀኑን አብዝቶ ይገምታል። ጃኬት ያወጡበትን ሳይሆን ከአንድ ሰዓት በላይ በዝናብ የለበሱበትን ቀን ብቻ ይቁጠሩ። ካለፈው ዓመት ማስታወስ ካልቻሉ ከግምትዎ ግማሹን ይያዙና ስሌቱን በሁለቱም ቁጥር ይሥሩት። ሁለቱም አንድ መልስ ከሰጡ ይግዙ። ከተለያዩ ርካሹን ይግዙና አንድ ዓመት እየጻፉ ይቁጠሩ።

## ደረጃ 6፦ ይወስኑ

ከባድ ቦርሳ ከተሸከሙ፣ ለብዙ ሰዓት ከለበሱ ወይም በባዶ ክንድ ላይ የሚለብሱት ከሆነ ባለ 3ን ይውሰዱ፤ ከባድ ቦርሳ ካለ ዴኒየሩ 40 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ጃኬቱ ብዙውን ጊዜ ቦርሳ ውስጥ የሚኖር ከሆነ ባለ 2.5ን ይውሰዱ፤ ከሥሩ ሁልጊዜ ረጅም እጅጌ ያለው ስስ ልብስ ይልበሱ፤ ይህ አንድ ልማድ ብቻ የኮሌታውንና የክንዱን መላጥ በእጅጉ ያዘገየዋል። በከተማ የሚለበስ፣ ቦርሳ የማይጫነው፣ ምሽቱን ተሰቅሎ የሚደርቅ ከሆነ ባለ 2 በቂ ነው፤ ከሦስቱም ለመልበስ የሚመቸውና ሲንቀሳቀሱ የማይንኮሻኮሸው እሱ ነው።

## ደረጃ 7፦ ያጥቡ፣ ያድርቁ፣ ያሙቁ

መጀመሪያ የልብሱን የእንክብካቤ ምልክት ያንብቡ፤ ከዚህ የሚለይ ነገር ካለ የጃኬቱን ይከተሉ።

1. ኪሶቹን ባዶ ያድርጉ፣ ዚፖቹን ሁሉ ይዝጉ፣ ማጣበቂያዎቹን ይጫኑ።
2. ኮሌታውንና የእጅጌውን ጫፍ በለብ ያለ ውሃና በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና በጣትዎ ይሹ። በብሩሽ አይፈትጉ።
3. በ30 ዲግሪ፣ በፈሳሽ ሳሙና ይጠቡት። የልብስ ማለስለሻና ማንጫ አይጨምሩ፤ ማለስለሻ ጨርቁ ላይ ቀርቶ ውሃ እንዲጠጣ ያደርገዋል።
4. ሳሙናው እስኪወጣ ድረስ ሁለት ጊዜ ያለቅልቁት። የቀረ ሳሙናም ውሃ ይስባል።
5. ሳይጨምቁ ሰቅለው ያድርቁ። ባለ 2 ከሆነ መጀመሪያ ገበሩ ወደ ውጭ ሆኖ ይድረቅ፣ ከዚያ ይገልብጡት።
6. ከደረቀ በኋላ ምልክቱ የሚፈቅድ ከሆነ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ በዝቅተኛ ሙቀት 20 ደቂቃ ያህል ያስገቡት። ማሽን ከሌለ በመካከሉ ስስ ፎጣ አድርገው፣ ያለ እንፋሎት፣ ዝቅተኛ ሙቀት ባለው ካውያ ይሂዱበት። ሙቀቱ በውጩ ጨርቅ ላይ ያለውን ውሃ አንሸራታች ቅብ መልሶ ያነቃቃዋል።
7. ትከሻው ላይ ጥቂት ጠብታ ውሃ ይጣሉ። ኳስ ሆኖ ከተንከባለለ ጨርሰዋል። ጨርቁ ጠቆር ብሎ ውሃውን ከጠጣ አንሸራታቹ አልቋል፤ አዲስ ቅብ ያስፈልገዋል።

አዲሱን ቅብ ሲመርጡ ንብርብሩን ያስቡ። ባለ 2 ላይ የሚረጨውን ብቻ ይጠቀሙ፤ ከመታጠቢያ ውሃ ጋር የሚቀላቀለው ገበሩንም ስለሚለብሰው ላብ መምጠጡን ያቆማል። ባለ 2.5 እና ባለ 3 ላይም የሚረጨው ይመረጣል፤ ውስጡን አይነካም።

## አንድ ነገር ሲበላሽ

### ውጩ ረጠበ፣ እርስዎም ረጠቡ

ይህ ብቻውን ማፍሰስ አይደለም። የውጩ ጨርቅ ውሃ ሲጠጣ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፤ ላብዎ ውስጥ ይቀራል። ጤነኛ ጃኬት በዚህ ምክንያት ይጣላል። መጀመሪያ ደረጃ 7ን ይሥሩ፣ ከዚያ ይፈትኑ፦ የተጠረጠረውን ቦታ ውጩ ወደ ላይ ሆኖ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይያዙት፤ ከሥሩ ደረቅ የሽንት ቤት ወረቀት ያድርጉ፤ ጥቂት ውሃ አፍስሰው 15 ደቂቃ ይጠብቁ። ወረቀቱ ደረቅ ከሆነ ሜምብሬኑ ደህና ነው፤ ያረጠበዎት ላብ ነበር። ባለ 2 ከሆነ ወረቀቱን ከገበሩ በታች ሳይሆን በገበሩና በሜምብሬኑ መካከል ያስገቡት፤ አለበለዚያ ገበሩ ውሃውን ደብቆ ያሳስትዎታል።

### ተቀደደ

ቦታውን በአልኮል ጠርገው ያድርቁ። የሚለጠፈውን ማጣበቂያ ጨርቅ ከቀዳዳው በሁሉም በኩል 1 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል አስፍተው ይቁረጡ፣ ማዕዘኖቹን ክብ ያድርጉ፤ ሹል ማዕዘን ቀድሞ ይነሳል። ባለ 3 ላይ ከውጭም ከውስጥም ይለጥፉ። ባለ 2.5 ላይ ከውጭ ብቻ ይለጥፉ፤ ውስጡ ላይ ህትመቱ ስለሚያስቸግር ማጣበቂያው በደንብ አይይዝም። ባለ 2 ላይ በታችኛው ጠርዝ ገበሩን 15 ሴንቲሜትር ያህል ፈትተው ገብተው ይሥሩ፣ ከዚያ መልሰው ይስፉት።

### የስፌት ቴፕ ተነሳ

ጫፉ ብቻ ከሆነ ስስ ጨርቅ ጣል አድርገው ዝቅተኛ ሙቀት ባለው ካውያ ጥቂት ሰከንድ ይጫኑት፣ እስኪቀዘቅዝ በጣትዎ ይያዙት። ካልያዘ ሙጫው ደርቋል፤ አሮጌውን ላጥተው ለንብርብሩ የተሠራ አዲስ ቴፕ ያድርጉ። ለባለ 2.5 የተሠራው ለስላሳ ቴፕ ባለ 3 ላይ በደንብ አይይዝም።

### ተላጠ ወይም ተነፋ

የረገፈ ሜምብሬን አይጠገንም። የተነፋው ባለ 3 ግን አረፋው ከጣት ጥፍር የማይበልጥና አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ በደንብ ታጥቦ ለተወሰነ ጊዜ ሊለበስ ይችላል። ካውያ ጭነው ለማጣበቅ አይሞክሩ፤ በአረፋው ዙሪያ ያለውን ሙጫ አላልቶ ያሰፋዋል። አረፋው ትከሻው ላይ ሆኖ በየእጥበቱ ከሰፋ ቦርሳ መሸከሙን በዚያ ጃኬት ያቁሙ፤ ቦርሳ በሌለበት ቀን ብቻ ይልበሱት።